ጠበቃችንን ለማመስገን፣ የታሰረ ሰው ላለባችሁም እንዲጠቅም

ወንድሜ በነጻ ከተሰናበተ ወዲህ "ጠበቃችሁ ማን ናቸው?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ እሰጣለሁ። እዚህ የምጽፈው የሠሩትን ነው። ጥሩ ጠበቃ ማለት ችሎት ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚከራከር ለሚመስላችሁ፣ የእኛን ጉዳይ ያዳነው ከክሱ በፊት በነበሩት የመጀመሪያ ቀናት የተሠራው ሥራ ነው።

ወንድሜ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ንብረት ክፍል ነው የሚሠራው። ዕቃ ጎደለ ተባለና ሐሙስ አመሻሽ ላይ ተያዘ። ጣቢያው የት እንደሆነ ይቅር። ሌሊቱን እጁ ወደ ኋላ በካቴና ታስሮ ወንበር ላይ አሳደሩት። መርማሪው "እመንና ነገ በዋስ ትወጣለህ" እያለ ይመላለስበት ነበር። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የቀረበለትን ወረቀት ፈረመ።

አርብ ጠዋት ጠበቃዋ ጣቢያ ሲደርሱ "ምርመራ ላይ ነው፣ አይገናኝም" ተባሉ። ይህን መልስ የታሰረ ሰው ያለው ሁሉ ሰምቶታል። እሳቸው አልተጨቃጨቁም። ቁጭ ብለው የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 21 ጠቅሰው አጭር ማመልከቻ ጻፉ። አንቀጹ የታሰረ ሰው ከቤተሰቡ፣ ከሐኪሙና ከሕግ አማካሪው ጋር የመገናኘት ዕድል እንዳለው ይናገራል። ሰዓቱን ጻፉበትና "መቀበልዎን ብቻ ይፈርሙልኝ" አሏቸው ኃላፊውን። ኃላፊው ወረቀቱን ሁለቴ አነበበ፣ ከዚያ ሳይፈርም በሩን አስከፈተላቸው።

ውስጥ ገብተው መጀመሪያ ያዩት የእጁን አንጓ ነው። ቀልቷል፣ አብጧል። ስለ ስርቆቱ ብዙም አልጠየቁትም። ስንት ሰዓት ጠየቁህ፣ ማን ነበር፣ ምን አለህ፣ ውሃ ሰጡህ ወይ፣ ያለመናገር መብት እንዳለህ ነገሩህ ወይ፣ የሚል ነበር ጥያቄያቸው። በፊልም የምናውቀው "ዝም የማለት መብት አለህ" የአሜሪካ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኛም ጋ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ተጽፏል። የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት እንዳለውና የሚሰጠው ቃል ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችል በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል።

ቅዳሜ ተረኛ ችሎት ቀረበ። የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት መቅረብ ያለበት በ48 ሰዓት ውስጥ ነው፤ 48 ሰዓቱ ቅዳሜና እሑድ አይልም፣ የሚቀነሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚወስደው ጊዜ ብቻ ነው። ፖሊስ 14 ቀን የጊዜ ቀጠሮ ጠየቀ። እኔ ጠበቃዋ ዋስትና ላይ ብቻ ይከራከራሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን መጀመሪያ "ክቡር ዳኛ፣ እጁን ይመልከቱልኝ" አሉ። ያዩት ነገር በመዝገብ እንዲጻፍ፣ ሐኪም እንዲያየውና ውጤቱ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ አመለከቱ። ታዘዘ። ለምን እንደቸኮሉ በኋላ ሲያስረዱኝ፣ ቁስል በሳምንት ይድናል፣ ክስ እስኪሰማ ግን ወራት ያልፋሉ አሉኝ። ያኔ "ተገድጄ ነው የፈረምኩት" ቢል የእሱ ቃል በመርማሪው ቃል ላይ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ መርማሪው "አልነካሁትም" ይላል፣ ያበቃል።

ሌላም ነገር አስቀድመው ነግረውት ነበር። ፖሊስ የእምነት ቃል ሲያገኝ ቃሉ እንዲጠነክርለት ተጠርጣሪውን ዳኛ ፊት አቅርቦ እንዲደግመው ያደርጋል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 35 የሚሉት ይሄ ነው። ዳኛው ቃሉን ከመመዝገቡ በፊት ሰውየው በፈቃዱ የሚናገር መሆኑን ጠይቆ ማረጋገጥ አለበት። ብዙ ሰው ወደ ጣቢያ መመለሱን እያሰበ "አዎ በፈቃዴ ነው" ይላል። ከዚያ በኋላ ማስተባበል እጅግ ከባድ ነው። ወንድሜ ሰኞ ሲቀርብ "በፈቃዴ አይደለም" አለ። ዳኛዋ አልመዘገቡም። በእኔ ግምት ጉዳዩ የዞረው እዚያ ላይ ነው።

ዐቃቤ ሕግ ሲከስ ግን የሌሊቱን ወረቀት ከነፊርማው አያይዞ አቀረበ። ጠበቃዋ የሐኪሙን ማስረጃ፣ ወረቀቱ ላይ መርማሪው ራሱ የጻፈውን "ከሌሊቱ 8 ሰዓት" እና የሰኞውን መዝገብ ጎን ለጎን አስቀመጡ። በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ 5 በግልጽ ይናገራል። ማባበልና ተስፋ መስጠትንም የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 31 ይከለክላል። ፍርድ ቤቱ ወረቀቱን ውድቅ አደረገው።

ከባዱ ክርክር ሌላው ነበር። ወንድሜ በታሰረበት ምሽት፣ 4 ሰዓት ላይ፣ ፖሊሶች ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቤታችንን በርብረው አንድ ዲናሞ ወስደዋል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ በትእዛዝ የሚደረግ ብርበራ እንኳ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው ይላል፣ ፍርድ ቤት ካልፈቀደ በቀር። ዐቃቤ ሕግ "ከሦስት ዓመት በላይ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፣ ዕቃው እንዳይሸሽ አስቸኩሎናል" አለ። እንዲህ ያለ ፈቃድ በዚሁ ሕግ አንቀጽ 32 ላይ አለ። ጠበቃዋ ደግሞ ተጠርጣሪው በእጃችሁ ነበር፣ በሩ ላይ ፖሊስ አቁማችሁ እስኪነጋ ትእዛዝ ብታወጡ ማን ያሸሸው ነበር? አሉ።

ዳኛዋ ብርበራው ሥርዓቱን አልጠበቀም ብለው ተስማሙ። ዲናሞውን ከመዝገብ ግን አላስወጡም። ሕገ መንግሥቱ የሚዘጋው በማስገደድ የተገኘውን ነው፣ በሕገ ወጥ ብርበራ የተገኘ ዕቃ ይውደቅ የሚል ግልጽ ድንጋጌ አልቀረበልኝም አሉ። አሜሪካኖች በ1961 እ.ኤ.አ. በጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ውሳኔ እንዲህ ያለው ማስረጃ በሁሉም ክፍለ ግዛቶች እንዲወድቅ አድርገዋል። እኛ ጋ በዳኛው ምዘና ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ያዳነን ምዘናው ነው። ብርበራው ላይ የደረጃ ምስክር የሚሏቸው ታዛቢዎች አልነበሩም። የተያዘበት ዝርዝር "አንድ ዲናሞ" ብቻ ይላል፣ መለያ ቁጥር የለውም። መጋዘኑ ጎደለብኝ ያለው ደግሞ በቁጥር የተመዘገበ ነው። የዚያ መጋዘን ዕቃ ይሁን የማንም፣ ማረጋገጥ አልተቻለም። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 141 መከላከል ሳያስፈልገው በነጻ ተሰናበተ።

እውነቱን ለመናገር፣ ቁጥሩ ቢገጥም ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ። ጠበቃዋን ስጠይቃቸው "ንብረቱ የጠፋበትም ሰው እኮ ፍትሕ ይፈልጋል" አሉኝ። ልክ ናቸው። እኔ ግን ዳኛው ጥፋቱ የከፋ ሲሆን ዕቃውንም የማስወጣት ሥልጣን በሕግ በግልጽ ቢሰጠው እላለሁ። ተጠርጣሪን በዛቻ፣ በተስፋ ወይም በድብደባ የሚያናዝዝ መርማሪ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ይጠየቃል። ግን ከእስር የወጣ ሰው፣ ሥራ ፍለጋ ላይ ያለ ሰው፣ ፖሊስ ለማስከሰስ ደጅ ሊጠና? ማስረጃው ቢወድቅ ግን መርማሪው በማግስቱ ይማራል።

ጠበቃዋ ክፍያቸውን መጀመሪያ ቀን ቁርጥ አድርገው በውል ይነግሯችኋል፣ መሃል ላይ ጨምሩ አይሉም። ስልክ ወዲያው አያነሱም፣ ችሎት ላይ ናቸው፤ መልእክት ጻፉ፣ ማታ ይመልሳሉ። "ዳኛው ዘመዴ ነው" የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ ይዛችሁ ከሄዳችሁ አይቀበሏችሁም። የመክፈል አቅም ከሌላችሁ ክሱ የሚሰማበትን ችሎት ተከላካይ ጠበቃ እንዲቆምላችሁ ጠይቁ፣ የዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡባቸው ማዕከላት አሏቸው። የምትጽፉልኝ ሰዎች የታሰረው ሰው የተያዘበትን ቀንና ሰዓት አብራችሁ ጻፉ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።