«ሚረሪንግ አለው» ተብላችሁ ቲቪ ከመግዛታችሁ በፊት

ስማርት ቲቪ ልትገዙ ያሰባችሁ ሰዎች ሳትከፍሉ በፊት ይቺን አንብቡ። በተለይ ቤታችሁ ውስጥ አይፎን ካለ።

የእህቴ ባል 43 ኢንች ቲቪ ገዛ። የሱቁን ስም አልጠቅስም። ካርቶኑ ላይ ስማርት፣ አንድሮይድ፣ ስክሪን ሚረሪንግ የሚል ተደርድሯል። ሻጩ የራሱን ስልክ አወጣ፣ ከላይ ወደ ታች ሳብ አደረገ፣ አንዴ ነካ ነካ ሲያደርግ የስልኩ ገጽ ቲቪው ላይ መጣ። «አየህ ወንድሜ? ገመድ የለ፣ ምን የለ!» ብር ተከፈለ። ቤት ሲደርስ ግን የሰውዬው አይፎን Screen Mirroring ሲነካ ቲቪውን ጭራሽ አያገኘውም። ሱቁ ጋ ሲደውል የተሰጠው መልስ አጭር ነው፦ «የቤትህ ኔትወርክ ነው ችግሩ።»

አይደለም። ሻጩ ያሳየው ነገር ከቤት ኔትወርክ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ስልክን ቲቪ ላይ ማሳየት አንድ ነገር ይመስላል እንጂ እርስ በርስ የማይግባቡ ሦስት መንገዶች አሉት። አንደኛው ሚራካስት ነው። ስልኩና ቲቪው ራውተር ሳያስፈልጋቸው በቀጥታ ይገናኛሉ። የሳምሰንግ ስልክ ላይ Smart View የሚባለው በዋናነት በዚህ ነው የሚሰራው፤ ሌሎች ብዙ የአንድሮይድ ስልኮችም አላቸው። ሁለተኛው ጎግል ካስት ነው። እዚህ ስልኩም ቲቪውም አንድ ዋይፋይ ላይ መሆን አለባቸው። ሦስተኛው የአፕል ኤርፕሌይ ነው፤ እሱም የሚሄደው በዚያው በቤት ዋይፋይ ነው።

ጣጣው ያለው እዚህ ጋ ነው። አይፎን ሚራካስት አያውቅም። የጎግሉ ፒክስል ስልክም አያውቅም። ስለዚህ ሚራካስት ብቻ ያለውን ቲቪ በሳምሰንግ ስልክ ካሳዩህ ያየኸው እውነት ነው፣ ግን ላንተ ስልክ አይሆንም። ርካሽ ቲቪዎች ላይ «አንድሮይድ» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ አያስተማምንም። አንዳንዶቹ የጎግል ፈቃድ የሌለው ባዶ አንድሮይድ ተጭኖባቸው ነው የሚመጡት። እነሱ ላይ ትክክለኛው ጎግል ካስት የለም።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። «ኔትወርክ ነው» ሲባል ቴክኒሻን ተጠራ። መጥቶ ዋይፋዩ ደካማ ነው አለና አዲስ ራውተር ሸጠለት፣ የገጠመበትንም አስከፈለ። አዲሱን ራውተር በኬብል ከኢንተርኔቱ ሳጥን ጋር አገናኘ፣ ቲቪውን አዲሱ ላይ አስገባ፣ ስልኩ ግን በድሮው ዋይፋይ ስም ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጭራሽ ብሶ አረፈው። ቀድሞ ዩቲዩብ ውስጥ ስትገባ ቪዲዮ ወደ ቲቪ የምትልከው ምልክት ትሰራ ነበር፤ አሁን እሷም ጠፋች።

ሄጄ ስልኩ ላይ Settings ከዚያ Wi-Fi ገባሁና አጠገቡ ያለችውን i ነካሁ። IP Address የሚለው 192.168.1.7 ይላል። ቲቪው የኔትወርክ ገጽ ላይ ደግሞ 192.168.0.103። ሦስተኛውን ቁጥር ተመልከቱ፤ አንዱ 1፣ ሌላው 0። የተለመደ የቤት ራውተር ላይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ከተለያዩ ሁለቱ ዕቃዎች አንድ ቤት ቢቀመጡም አንድ ኔትወርክ ላይ አይደሉም። ሁለቱም ኢንተርኔት ይሰራላቸዋል፣ ሰው የሚሸወደውም ለዚህ ነው። ስልኩ «ቲቪ አለ ወይ?» ብሎ የሚጣራው በራሱ ኔትወርክ ውስጥ ብቻ ነው። ጥሪው ሁለተኛውን ራውተር አያልፍም።

ስልኩን ወደ አዲሱ ዋይፋይ ስናዛውረው የዩቲዩቧ ምልክት ወዲያው ተመለሰች። ሌላው መፍትሔ አዲሱን ራውተር ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ Access Point ወደሚለው መቀየር ነው። ያኔ አድራሻ የሚያድለው አሮጌው ብቻ ስለሚሆን ሁሉም አንድ ላይ ይገባል። ቴክኒሻኑ ይህን ለማድረግ ጥቂት ደቂቃ ይበቃው ነበር። ለነገሩ ራውተሩ ከመጀመሪያውም አያስፈልግም ነበር።

Screen Mirroring ግን አሁንም ቲቪውን አላገኘም። አያገኝማ! ቲቪው ኤርፕሌይ የለውም። ዩቲዩብ የሰራው ስልኩ ምስሉን ስለማይልክ ነው። ስልኩ የቪዲዮውን አድራሻ ብቻ ይሰጥና ቲቪው በራሱ ዩቲዩብ መተግበሪያ ከኢንተርኔት ያወርደዋል። ሻጮች «ይኸው ይሰራል» ብለው ዩቲዩብ ካሳዩዋችሁ እንዳትሸወዱ። ፎቶ፣ ቴሌግራም ላይ ያለ ቪዲዮ ወይም የባንክ መተግበሪያ በዚያ መንገድ አይሄድም።

ቲቪውም ራውተሩም ትክክል ሆነው ስልክና ቲቪ የማይተያዩበት ጊዜም አለ። የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ከሆናችሁ፣ ራውተሩ ላይ ዕቃዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ የሚያደርገው AP Isolation በርቶ ከሆነ፣ ወይም ስልካችሁ ላይ ቪፒኤን ከተከፈተ። መጀመሪያ ቪፒኤኑን አጥፉት፤ እኛ አገር እሱ ሳይጠፋ የሚረሳበት ቤት ብዙ ነው።

ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ እንዲህ አድርጉ። ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የእሱን ስልክ ሆትስፖት አስከፍቱና ቲቪውንም የራሳችሁን ስልክም እዚያ ላይ አገናኙ። አይፎን ከሆነ Screen Mirroring ንኩ፣ የቲቪው ስም መምጣት አለበት። አንድሮይድ ከሆነ Cast ወይም Smart View። ከዚያ ጋለሪ ከፍታችሁ ራሳችሁ የቀረጻችሁትን ቪዲዮ አጫውቱ፤ ድምጹ ከከንፈር ጋር አብሮ መሄዱን እዩ። ሻጩ በራሱ ስልክ ካላሳየሁ ካለ ደግሞ ቲቪው ያኔ ከዋይፋይ ጋር ተገናኝቷል ወይ ብላችሁ ተመልከቱ። ምንም ሳይገናኝ ከሰራ ያያችሁት ሚራካስት ነው።

አንዳንዱ «ለአይፎን አፕ አለው» ይላል። ቲቪው ውስጥ ኢሼር ወይም እሱን የሚመስል ነገር ይከፍትላችኋል። ምስል ሊመጣ ይችላል። የሚከፈልባቸው ፊልሞች ግን በእንዲህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ ድምጽ ብቻ ሆነው ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ምክንያቱም ፊልሙ እንዳይቀዳ የተጠበቀ ነው። ኔትፍሊክስ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ ከአይፎን በኤርፕሌይ መላክን ራሱ ስላቆመ፣ እሱን የሚያይ ሰው መተግበሪያው ቲቪው ላይ መኖሩን ነው ማረጋገጥ ያለበት።

ሞክራችሁ ከሰራ በኋላም ደረሰኙ ላይ «ከአይፎን ጋር በኤርፕሌይ ይሰራል» ብሎ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። «ስማርት ነው» የሚለው ቃል ዕቃ ስትመልሱ አያዋጣም፤ የእህቴን ባል ሱቁ የመለሰው «ስማርት ነው አልን፣ ስማርት ነው» ብሎ ነው።

ገዝታችሁ ቤት ከገባችሁ ደግሞ ሌላ ራውተር አትግዙ። ገመድ ይሻላል። ከአይፎን 14 በፊትና እሱን ጨምሮ ላይትኒንግ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር አዳፕተር፣ ከአይፎን 15 ወዲህ ዩኤስቢ-ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር። ርካሽ የአንድሮይድ ስልኮች ብዙዎቹ በዩኤስቢ-ሲያቸው ምስል አያወጡም፣ ስለዚህ አዳፕተሩንም ስልካችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ ሰክታችሁ ግዙት።