ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ለምትሠሩ፦ ፎርማናችንን ላመስግን

ደብረ ብርሃን ላይ ጂ+1 ቤት እየሠራን ነው። የላይኛው ሶሌታ በሰላም ተሞልቷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬ የምጽፈው ፎርማናችንን ጋሼን በአደባባይ ለማመስገን ነው። የሚመሰገኑበት ብዙ ነገር አለ። እኔ ግን የማወራው ለዕቃ አቅራቢዎች ስለጻፉት አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው።

ሲሚንቶ፣ አሸዋና ፌሮ የምንገዛበት ጊዜ ሲደርስ እኔና ባለቤቴ ሱቅ ለሱቅ ዞረን ዋጋ ልንጠይቅ ተነሳን። ጋሼ «ቆዩ፣ በወረቀት ይሁን» አሉን። ከዚያ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ጽፈው ለሦስት መደብሮች ላኩ። ዋናው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦

«ለምንሠራው ጂ+1 መኖሪያ ቤት ፕሮፎርማ እንድትሰጡን እንጠይቃለን። ባለ 12 ፌሮ፣ ርዝመቱ 12 ሜትር፣ 150 ቤርጋ፤ የቤርጋውም የኪሎውም ዋጋ ይጻፍ። የታጠበ የወንዝ አሸዋ 30 ሜትር ኩብ፤ የሚለካው ሳይት ላይ፣ ከመኪናው ሳይወርድ ነው፤ አፈር ከበዛበት ይመለሳል። ኦፒሲ ሲሚንቶ 160 ኩንታል፣ በሁለት ዙር የሚቀርብ፤ የተመረተበት ቀን ይገለጽ። ቫት፣ ማጓጓዣና ማውረጃ በዋጋው ውስጥ መካተታቸው፣ ዋጋው ለስንት ቀን እንደሚጸናም ይጻፍ።»

«የኪሎውም ዋጋ» የሚለው ምን እንደሚጠቅም የገባኝ መልሶቹ ሲመጡ ነው። አንዱ መደብር በቤርጋ ከሌሎቹ 5 በመቶ ያህል የረከሰ ዋጋ አቀረበ። እኛ ደስ አለን። ጋሼ ግን ከዚያ መደብር አንድ ቤርጋ አስመዝነው 9.7 ኪሎ ሆኖ አገኙት። ትክክለኛ ባለ 12 ፌሮ በ12 ሜትር ርዝመት 10.66 ኪሎ አካባቢ መመዘን አለበት። ስሌቱን እኔም ተምሬዋለሁ፦ ውፍረቱን በሚሊ ሜትር በራሱ ታባዙታላችሁ፣ ለ162 ታካፍላላችሁ፣ የአንድ ሜትሩ ክብደት በኪሎ ይወጣል። 12 ሲባዛ በ12 144 ነው፤ ለ162 ሲካፈል 0.89 አካባቢ ይሆናል።

ጥቂት ግራም ከፍ ዝቅ ማለት ያለ ነው። ይሄኛው ግን 9 በመቶ ቀሎ ነው የተገኘው። በኪሎ ሲሰላ ረከሰ የተባለው ፌሮ ከሌሎቹ 4 በመቶ ያህል ተወደደ። ከገንዘቡ ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ ሌላው ነው። መሐንዲሱ ሶሌታውን ያሰላው በባለ 12 ነው። ቀጭን ፌሮ ገብቶ ኮንክሪት ከተሞላበት በኋላ ማን ያየዋል?

አሸዋው ላይም እንዲሁ ነው። መኪናው «16 ሜትር ኩብ» ተብሎ መጣ። ጋሼ በሜትር ለኩት፦ ርዝመቱ 4.8፣ ወርዱ 2.3፣ የአሸዋው ከፍታ በአማካይ 1.3። ሲባዛ 14.35 አካባቢ ነው። ደብዳቤው ላይ «ሳይት ላይ ይለካል» ስለተባለ ሾፌሩም አልተከራከረ፣ የተከፈለው ለተለካው ነው። ሁለተኛው መኪና ሲመጣ ደግሞ ከተለያየ ቦታ ዘግነው ጠርሙስ ውስጥ ጨመሩ፣ ውኃና ትንሽ ጨው አድርገው በደንብ ናጡትና አስቀመጡት። አሸዋው ከታች፣ ጭቃው ከላይ ተኛ። አሸዋው 10 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ጭቃው 1 ሳንቲ ሜትር ሞላ። ይህ 10 በመቶ ያህል ነው፤ እዚህ አገር ለጭቃ የሚሠራበት ወሰን ግን 6 በመቶ ነው። ለጠርሙሱ ሦስት ሰዓት ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ጋሼ ሾፌሩን ሻይ ጋብዘው አስጠበቁት። መኪናው ተመለሰ። አቅራቢው ያለ ጭቅጭቅ የታጠበ አሸዋ ልኮልናል፤ እሱንም አመሰግናለሁ። እርጥብ አሸዋ በስፍር ያብጣል፣ ስለዚህ ዝናብ በመታው ቀን አትለኩ ብለውናል።

ሲሚንቶው ላይ ብዙ አላወራም። አንዱ መደብር በጠየቅነው በኦፒሲ ፈንታ ፒፒሲ በሚባለው ሌላ የሲሚንቶ ዓይነት ዋጋ ሞልቶ ስለመለሰ ረክሶ ታየን። ጋሼ ለብቻ አስቀመጡት። ፒፒሲ ለግንብና ለልስን ጥሩ ነው፤ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ይብስበታል፣ ፎርምወርኩም ቶሎ አይነሳም። በሁለት ዙር ያሉትም እርጥበት ሳያገኘው ትኩሱን እንድንጠቀም ነው።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ለሶሌታው ብቻ ሳይሆን እኛንም ስላስተማሩን እናመሰግናለን።

ደብረ ብርሃንና አካባቢው፣ እስከ ጫጫና ደብረ ሲና ድረስ፣ ፎርማን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ ስልካቸውን እሰጣለሁ። አሁን የእኛን ልስን እየጨረሱ ስለሆነ ቀደም ብላችሁ አናግሯቸው። የደብዳቤውንም ፎቶ እልክላችኋለሁ፤ መጠኑን ግን ከራሳችሁ ፕላን አውጡ፣ የእኛው ቁጥር ለእናንተ ቤት አይሆንም።