«ለወዛም ቆዳ» የሚለውን ስቲከር አይታችሁ ብር እንዳታወጡ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ፊታችሁ ወዝ የሚያበዛባችሁ ሁሉ እባካችሁ ይቺን አንብቡልኝ። የኔ 1,800 ብር ሄዷል። የእናንተ እንዳይሄድ ነው የምጽፈው።

የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት ከቤት ስወጣ ብርዱ ፊቴን ውጥር ያደርገዋል። ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ስገባ ደግሞ ሙቀቱ ይቀበለኛል። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ግንባሬና አፍንጫዬ ያብለጨልጫሉ። ሶፍት ስጭንበት ሶፍቱ ረጥቦ ይነሳል። ስለዚህ ለዓመታት ፊቴን በቀን ሦስቴ በሳሙና እየታጠብኩ ምንም ሳልቀባ ኖርኩ። ወዝ ላይ ቅባት መጨመር ምን ይባላል ብዬ።

ባለፈው ፒያሳ አካባቢ አንድ የኮስሞቲክስ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ፊቴን አይቶ ወዲያው አንድ ብልቃጥ አወረደልኝ። ከባድ የብርጭቆ ብልቃጥ ነው። ከፊቱ የእሬት ቅጠል ተስሎበታል። ጎኑ ላይ በአማርኛ «ለወዛም ቆዳ» የሚል ነጭ ስቲከር ተለጥፏል። ከእጄ ጀርባ ላይ ትንሽ ቀባልኝ። ለስላሳ ነው፣ አያጣብቅም፣ ሽታውም ደስ ይላል። «ሦስት ወር ያስኬድሻል» አለኝ። ከፈልኩ። ደረሰኝ አልጠየቅኩም።

በሦስተኛው ሳምንት ግንባሬ ላይ ነጫጭ ጥቃቅን እብጠቶች ወጡ። አገጬ ላይ ደግሞ የሚያም ብጉር። ብልቃጡን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ወዳለ አንድ ፋርማሲ ሄድኩ። ነጭ ጋውን የለበሱ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሴት ፋርማሲስት ነበሩ።

«ዶክተር፣ ይሄን ተቀብቼ ነው እንዲህ የሆንኩት» አልኳቸው።

ፊቴን በመስኮቱ ብርሃን አዩት። «ያሳክክሻል? ያቃጥልሻል?»

«አይ፣ ያሳክካል እንኳን አልልም። ዝም ብሎ ያብጣል።»

«አብሽሪ የኔ እናት። የሚያሳክክና የሚቀላ ቢሆን አለርጂ ነው ብዬ እጠረጥር ነበር። እሱ ቶሎ ነው የሚታወቀው። ይሄ ግን የወዝ መውጫው ቀዳዳ ሲደፈን የሚመጣ ነው። ለመታየት ሳምንታት ይፈጃል።»

ከዛ ብልቃጡን ገለበጡት። የንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ግማሹ በዛ ነጭ ስቲከር ተሸፍኗል። ፋርማሲስቷ በጥፍራቸው ጫፉን አነሱና ቀስ ብለው ላጡት። ከሥሩ በእንግሊዝኛ የታተመው ጽሑፍ ወጣ። ለደረቅ እና በጣም ለደረቅ ቆዳ ይላል።

ቆሜ ቀረሁ። ፋብሪካው ለደረቅ ቆዳ ብሎ የሠራውን ክሬም ነው አንዱ ሰው እዚህ በስቲከር ለወዛም ያደረገው። ሱቁ ይለጥፈው፣ ያመጣለት ነጋዴ ይለጥፈው አላውቅም። ፊቴ ግን የከፈለው ለዛ ወረቀት ነው።

ፋርማሲስቷ ከመደርደሪያቸው ሌላ አወረዱ። ፓምፕ ያለው ፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ ውስጡ ጄል የሚመስል ቀለል ያለ ሎሽን። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጡና «የፊቱን ተይው፣ ጀርባውን አንብቢ» አሉኝ።

«ስሞቹን አላውቃቸውም እኮ ዶክተር።»

«ሁሉን ማወቅ የለብሽም። የሚጻፉት በብዛታቸው ቅደም ተከተል ነው። ብዙ የገባው ከላይ፣ ትንሽ የገባው ከታች። የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት ካነበብሽ ብልቃጡ ውስጥ ያለውን አብዛኛውን ነገር አወቅሽ ማለት ነው።»

የኔን አነበብን። ውሃ። ቀጥሎ አይሶፕሮፒል ማይሪስቴት። ቀጥሎ የኮኮናት ዘይት። ቀጥሎ የካካዋ ቅቤ። ታች ወርደን ሽቶ ላይ ደረስን። ከሽቶው በኋላ እሬት።

«አየሽ» አሉኝ። «ሽቶ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ከመቶ አንድ እጅ አካባቢ ወይም ከዛ በታች ነው። ከሱ በኋላ የተጻፈው በጣም ጥቂት ነው። የእሬቱ ሥዕል ትልቅ ነው፣ እሬቱ ግን ጠብታ ነው። እነዚህ ከውሃው ቀጥሎ ያሉት ሦስቱ ደግሞ ብጉር የሚቀናው ሰው ላይ ቀዳዳ በመድፈን የሚታሙ ናቸው።»

«ታዲያ እጄ ላይ ሲቀባልኝ ለምን አልከበደኝም?»

«ይሄ አይሶፕሮፒል የምትይው ነገር ሥራው እሱ ነው። ክሬሙ ቶሎ እንዲሰርግና የቅባት ስሜት እንዳይኖረው ያደርጋል። ደግሞስ የእጅሽ ጀርባ እንደ ፊትሽ ወዝ ያመነጫል እንዴ? የግንባርሽ ሌላ ነው። እጅ ላይ አንድ ደቂቃ ቀብቶ ለፊት ይሆናል አይሆንም ማለት አይቻልም።»

ይሄኛው ነጥብ ነው በጣም የቆጨኝ። ሁላችንም ሱቅ ስንገባ እጃችንን ነው የምንሰጠው።

ሁለተኛውን ጠርሙስ አነበብን። ውሃ። ግሊሰሪን። ዳይሜቲኮን። ትንሽ ወረድ ብሎ ኒያሲናማይድ። ሽቶ የለውም። ግሊሰሪን ውሃ ስቦ ቆዳ ውስጥ እንደሚያቆይ፣ ዳይሜቲኮን ደግሞ ከላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ውሃው ቶሎ እንዳይተን እንደሚያግዝ ነገሩኝ። ዳይሜቲኮን የሲሊኮን ዓይነት ነው፤ ቀዳዳ በመድፈን አይታማም።

«እኔ ግን ፊቴ ወዛም ነው፣ ለምን ያስፈልገኛል?» አልኳቸው።

«ወዝና ውሃ ለየቅል ናቸው የኔ እናት። ፊትሽ ወዝ ሞልቶት ውሃ ሊያጥረው ይችላል። ጠዋት በብርድ ይወጥረኛል ያልሽኝ እሱ ነው። በዛ ላይ ሦስቴ በሳሙና ታጥበሽ ታባብሺዋለሽ። ሁለቴ ይበቃሻል፣ እሱንም ለስለስ ባለ የፊት ማጠቢያ። አንቺ የጎደለሽ ውሃ ነው፣ ክሬምሽ የጨመረልሽ ደግሞ ዘይት።»

ስለ ቫዝሊንም ጠየቅኳቸው፤ እናቴ ሁልጊዜ እሱን ነው የምትለው። በደንብ የተጣራ ቫዝሊን ራሱ ቀዳዳ ይደፍናል እንደማይባል፣ ለወዛም ፊት ግን ከብዶ እንደሚያብለጨልጭ ነገሩኝ። ለከንፈርና ለእጅ ይሁን አሉ።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ሌላው ማታለያ። ያ ከባድ ብልቃጥ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ታቹም ባዶ ቦታ ያለው ድርብ ብርጭቆ ነው። ስታዩት ትልቅ ይመስላል። የተጻፈበት ግን 50 ሚሊ ሊትር ነው። የፋርማሲው ጠርሙስ 200 ሚሊ ሊትር ሆኖ ዋጋው 700 ብር ነው።

ፋርማሲስቷ በስልካቸው አሰሉልኝ። ለፊት በአንድ ጊዜ 1 ሚሊ ሊትር ገደማ እንቀባለን፤ የሻይ ማንኪያ አንድ አምስተኛ ማለት ነው። ጠዋትና ማታ ሲሆን በቀን 2 ሚሊ ሊትር። የኔ ብልቃጥ 25 ቀን ነው የሚያስኬደው። 1,800 ብር ለ25 ቀን ሲካፈል በቀን 72 ብር። ያኛው 100 ቀን ይሄዳል፤ በቀን 7 ብር። ሻጩ «ሦስት ወር» ያለኝ ከየት አምጥቶ እንደሆነ እንጃ። የኔ በሦስት ሳምንቱ ታቹ ሊታይ ምንም አልቀረውም ነበር።

እዚህ ላይ እኔም ጠረጠርኩ። እሳቸውም ሻጭ ናቸው። «ይሄስ ብጉር እንደማያወጣብኝ በምን አውቃለሁ?» አልኳቸው። ቅር አላላቸውም።

«ዋስትና አልሰጥሽም» አሉኝ። «ጠርሙሱ ላይ ቀዳዳ አይደፍንም የሚል ብታነቢም ኩባንያው ስለራሱ ያለው ነው፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት መንገድ ፈትኖ አይደለም የሚጽፈው። የኮኮናት ዘይት ተቀብቶ ምንም የማይሆን ሰውም አለ። ስለዚህ መጀመሪያ መንጋጋሽ ሥር በአንድ በኩል ብቻ ተቀቢ። ሁለት ሳምንት ቆዪ። ደህና ከሆነ ወደ ሙሉ ፊትሽ ታመጪዋለሽ። ይሄ ደግሞ ጉድለት አለው። በደሴ ክረምት ለጉንጭሽ ላይበቃ ይችላል፤ ያኔ ጉንጭሽ ላይ ብቻ ትደግሚያለሽ። ተቀቢ የምልሽ ታጥበሽ ፊትሽ ገና እርጥብ እያለ ነው።»

ብሩን ከማውጣቴ በፊት አንድ ነገር ጠየቁኝ። «በሦስት ቀን ፊትሽ ይጠራል ብለውሻል?» አላሉኝም። «ካሉሽ አትንኪው። በቀናት ውስጥ የሚያቀላ ክሬም ውስጥ ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ ይገኛል። ስትተይው ፊትሽ ከበፊቱ ብሶ ይነሳል» አሉ።

አሮጌውን ክሬም እንድጥለው አልነገሩኝም። ለደረቅ ቆዳ የተሠራ ስለሆነ ለተረከዝና ለክርን ይሆናል አሉኝ።

ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ስቲከሩን ይዤ። ሻጩ «የተከፈተ ዕቃ አንመልስም» አለኝ። ስቲከሩን ሳሳየው «እኛ እንደመጣልን ነው የምንሸጠው» አለ። ደረሰኝ ስላልያዝኩ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ላመልክት ብል ከሱ መግዛቴን የማሳይበት ነገር የለኝም። ይሄ የኔ ጥፋት ነው፤ እናንተ አትድገሙት። ደረሰኝ አልሰጥም ካለ ዕቃውን እዛው ተዉለት።

ስቲከር ከተለጠፈበት ደግሞ ሻጩ ፊት ላጡት። አይላጥም ካላችሁ አትግዙ። የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው የንጥረ ነገር ዝርዝር ላይ ወረቀት አይለጥፍም፤ የሚለጠፍበት ባዶ ቦታ ሞልቷል።

እኔ ጄሉን መንጋጋዬ ሥር ከጀመርኩ ዛሬ 16 ቀኔ ነው። እዛ ቦታ ምንም አልወጣም። ትናንት ወደ ግንባሬ አመጣሁት። የግንባሬ እብጠት ክሬሙን ከተውኩ ወዲህ እየቀነሰ ነው፣ ገና ግን አልጠፋም። ትናንት በዛ ሱቅ በኩል ሳልፍ ብልቃጦቹ ነጭ ስቲከራቸውን እንደያዙ መስኮቱ ላይ ተደርድረዋል።