ጅማ ላለችው አርታኢያችን ምስጋና፣ ረቂቅ ለያዛችሁም ጥቆማ

የቡና አመራረት ማሠልጠኛ መጽሐፋችን በዚህ ሳምንት ማተሚያ ቤት ገባ፤ እፎይ ብለናል። ለዚህ ያበቃችን እዚሁ ጅማ በግሏ የምትሠራ አንዲት አርታኢ ናት። ስሟ በአደባባይ እንዲጠራ ስላልፈለገች አልጽፈውም፤ የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። አሠራሯን ግን እዚሁ ልናገር፣ ለሌላ አርታኢ ሥራ ስትሰጡም ይጠቅማችኋል።

ከእሷ በፊት ሁለት ሰው ጋ ሄደን ነበር፣ በሁለቱም ተቃጥለናል። የመጀመሪያው ሙሉውን ክፍያ አስቀድሞ ተቀበለና ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ፋይል ላከ። የቱን ነክቶ የቱን እንደተወ የሚያሳይ አንድም ምልክት የለውም። የከተማችን ስም በረቂቁ አንድ ቦታ «ጅማ»፣ ሌላ ቦታ «ጂማ» ተብሎ ስለነበር «ጂማ» ይሁን ብሎ ወስኖ Replace All ተጭኗል። «የዝናብ ጅማሬ» የነበረው በሙሉ «የዝናብ ጂማሬ» ሆነ፤ ስለ ቅጠል በሽታ በሚያወራው ምዕራፍ «የቅጠሉ ጅማት» «የቅጠሉ ጂማት» ሆኖ ተገኘ። ገንዘቡ ሄደ፣ ረቂቁም ባሰበት። ሁለተኛው ጎበዝ ነበር፣ ነገር ግን ስንት ጊዜ እንደሚታረም ሳንነጋገር በአንድ ዋጋ ተስማማን። እኛ በየሳምንቱ አዲስ አስተያየት እንልካለን፣ እሱ በየሳምንቱ ይደክማል፤ ስድስተኛው ላይ ስልክ ማንሳት አቆመ። በዚህኛው እሱን ብቻ መውቀስ አይቻልም፤ ወሰን ያልተበጀለት ሥራ መጨረሻው ጠብ ነው።

እሷ ገና ዋጋ ሳትናገር አምስት ገጽ ናሙና ጠየቀች፣ ያውም ከመካከል። መግቢያውን ደራሲ ደጋግሞ ስለሚያሸው ስለ ቀሪው መጽሐፍ አይናገርም አለች። እውነቷን ነው፤ መግቢያችን ንጹሕ ነበር፣ ምዕራፍ አምስት ግን የሦስት ሰው እጅ የገባበት ነበር። «አንድ ገጽ» ስትል 250 ቃል ማለቷ ነው፤ የፊደሉ መጠን ቢያንስም ቢተልቅም ሒሳቡ አይናጋም። ረቂቃችን 36,000 ቃል ነው፣ ስለዚህ 144 ገጽ። አምስቱ የናሙና ገጾች ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጁባት፣ ይህም በሰዓት ሁለት ገጽ ነው፤ ሙሉው የመጀመሪያ ዙር 72 ሰዓት ገደማ እንደሚወስድ አሳየችን። በሰዓት ስንት እንደምታስከፍል ነገረችን፣ እኛም አባዝተን አየነው። ከዚያ ወዲያ የዋጋ ክርክር አልነበረም፣ የምንከፍለው ለምን እንደሆነ ቁልጭ ብሎ ታይቶናል።

ቀጥላ አንድ ገጽ የአጻጻፍ መመሪያ አብረን እንድናዘጋጅ አደረገች። ይህ እንዳይቀርባችሁ፣ እባካችሁ። ረጅም መሆን የለበትም፤ በረቂቁ ውስጥ በሁለት መንገድ ተጽፎ የተገኘ ነገር ሁሉ የትኛው እንደተመረጠ ይጻፍበታል፣ ያ ብቻ ነው። የእኛ ላይ «ጅማ» በጅ ተባለ። ፀሐይ በፀ፣ ጽሑፍ በጸ፤ የሰው ስም ግን ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይቀመጣል ተባለ። ቁጥር በአኃዝ፣ ዓመቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር። የአፋን ኦሮሞ የቦታ ስሞች አንድ ጊዜ ተወስነው በዝርዝር ገቡ፣ ሊሙ በረቂቁ ውስጥ በሦስት ዓይነት ተጽፎ ነበርና። መጨረሻ ላይ «አይነኬ ቃላት» የሚል ክፍል ጨመረች፤ እሸት፣ ጀንፈልና ሌሎችም ገበሬው የሚጠቀምባቸው ቃላት እዚያ ሰፈሩ፤ እሸት ገና የተለቀመው ቀይ ፍሬ ነው፣ ጀንፈል ደግሞ ከነቅርፊቱ የደረቀው። የመጀመሪያው ሰው ጀንፈልን «የደረቀ ቡና» ብሎ ቀይሮት ስለነበር ይህ ክፍል ብቻውን አሳረፈን።

ፋይሉን ስናስረክብም መላ አበጀችልን። የረቂቁ ግማሽ ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ ፎንት የተተየበ ነበር። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል፣ በአማርኛ ቃል መፈለግም አይቻልም። አርትዖት ሳይጀመር ሁሉም ወደ ዩኒኮድ ተቀይሮ በህትመት ከተያዘው ቅጂ ጋር እንዲመሳከር አደረገች፤ እንደ «ቋ» እና «ጓ» ያሉትን ፊደላት በተለይ እንድናይ ነገረችን። ከዚያ በኋላ የፋይሉ ስም `buna_01.docx` ሆነ፣ እሷ ስትመልሰው `buna_02_edit.docx`፣ እኛ ስንልክ `buna_03.docx`። «የመጨረሻ» ወይም «የመጨረሻው መጨረሻ» የሚባል ስም የለም። ፋይሉም በማንኛውም ጊዜ የሚነካው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷ ጋ ከሆነ እኛ እጃችንን እንሰበስባለን። አንድ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ለውጡን ሁሉ ምልክት የሚያደርገውን Track Changes ሳያበራ በስልኩ አስተካክሎ ላከላት። አልተቆጣችም፤ በዎርድ ያለውን Compare ተጠቅማ ሁለቱን ፋይሎች አስተያየችና የተለወጠውን አንድ በአንድ አውጥታ ላከችልን።

የማልረሳው ግን ሌላ ነው። ገጽ 41 ላይ አንድ ኪሎ የተፈለፈለ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ያስፈልጋል ይላል፣ ገጽ 97 ላይ ደግሞ 2 ኪሎ። ሌላ ሰው ቢሆን አንዱን መርጦ ሌላውን ያስተካክል ነበር። እሷ አልነካችውም፤ ዳር ላይ ጥያቄ ጻፈች። የምዕራፉ ባለቤት በዕድሜ የገፉ የግብርና ባለሙያ ናቸው፣ ስክሪን ማየት ያስቸግራቸዋል። ስለዚህ ጥያቄዎቹን በሙሉ በትልቅ ፊደል አትማ ቤታቸው ሄደች፣ አጠገባቸው ቁጭ ብላ አንድ በአንድ አነበበችላቸው።

«አባባ፣ ይቺ 2 ኪሎ የምትለዋ እሸቱን ነው ጀንፈሉን?»

«ጀንፈሉን ነዋ ልጄ! እሸቱማ አምስትም ስድስትም ይፈጃል፣ ውሃ ነው እኮ የተሸከመው።»

ሁለቱም ቁጥር ትክክል ነበር፣ የጎደለው አንድ ቃል ነው። ገጽ 41 ላይ «እሸት»፣ ገጽ 97 ላይ «ጀንፈል» ገባ። ያ ቃል ሳይገባ ቢታተም ኖሮ ሠልጣኙ ሁለት ኪሎ ቀይ እሸት ለቅሞ አንድ ኪሎ ቡና ይጠብቅ ነበር። ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ እዚያ ስትውል ለጉዞዋ እንኳ አላስከፈለችም። እግዜር ይስጥልን፣ እህቴ፤ አባባም ምርቃታቸውን ልከውልሻል።

እርማቱ ሁለት ዙር ነበር። በመጀመሪያው እሷ ሙሉውን አርማ ጥያቄዎቿን ላከች፤ እኛ በአሥር ቀን ውስጥ አንድ ላይ ሰብስበን መለስን፣ በየሰዉ እየተቆራረጠ የሚሄድ አስተያየት አትቀበልም። በሁለተኛው መልሶቻችንን አስገብታ ያጸዳችውን ሰጠችን። በመሀል እኛ ስለ ቡና አጠባ ስምንት ገጽ ጨመርን፤ የስምንት ገጽ ብቻ በዚያው ሒሳብ አስከፈለችን። ክፍያው ሢሶ ስትጀምር፣ ሢሶ የመጀመሪያውን ዙር ስታስረክብ፣ ቀሪው ሲያልቅ ነው። እባካችሁ በቀኑ ክፈሏት፣ ዋጋም አትከራከሯት፤ ይገባታል። የገጽ ቅንብር እሷ አትሠራም፣ ለዚያ ሌላ ሰው ያስፈልጋችኋል፤ የተቀናበረውን ፒዲኤፍ አንድ ጊዜ ታነባለች፣ ዋጋው ለብቻው ነው።

ስትደውሉላት የቃላቱን ብዛት፣ ከመካከል አምስት ገጽ፣ እና መቼ እንዲያልቅ እንደምትፈልጉ ይዛችሁ ደውሉ። አሁን በእጇ ሥራ ስላለ ወረፋ ትጠብቁ ይሆናል፤ ጠብቋት።