ከጀሪካን፣ ከአሸዋና ከአሮጌ ቦርሳ የተሠራ ጂም፦ ከአንድ ክረምት አገልግሎት በኋላ

ይህ ግምገማ ደብረ ማርቆስ በተከራየሁት ቤት ጓሮ ባለፈው በጋ አሰናድቼ ክረምቱን ሙሉ የተጠቀምኩበትን መሣሪያ ይመለከታል። መሣሪያው ሁለት ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን፣ ጥቂት ባለ 5 ሊትር ጀሪካኖች፣ አንድ የአሸዋ ከረጢትና አንድ አሮጌ የተማሪ ቦርሳ ነው። ከእነዚህ መካከል ወራት ባለፉ ቁጥር ጥቅሙ እየጨመረ የሄደው የአሸዋው ከረጢት ሲሆን፣ ጀሪካኑ ከሁሉ በላይ በመለኪያነቱ አገልግሎኛል፤ ቦርሳው ግን ቶሎ ወሰኑ ላይ የሚደርስ ዕቃ ነው።

ከጀሪካኑ ልጀምር። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፣ ውሃውን በግማሽ ሊትር ሃይላንድ እየለካ የሚጨምር ሰው ክብደቱን በግማሽ ኪሎ ልክ ከፍ ማድረግ ይችላል። ይህን ጥቅም በግልጽ ያየሁት በታናሽ ወንድሜ ላይ ነው። አንድ እጁን ወንበር ላይ አስደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ ጀሪካኑን ወደ ጎኑ መሳብ የጀመረው በ10 ሊትር ነበር። ሰውነቱን ሳያወዛውዝ በሦስት ዙር አሥራ አምስት አሥራ አምስት ጊዜ መሳብ ሲችል ብቻ ግማሽ ሊትር ይጨምራል፤ ድግግሞሹ ከአሥር በታች ከወረደ ደግሞ የጨመረውን ቀንሶ ይቀጥላል። በዚህ አካሄድ ክረምቱ ሲወጣ 16 ሊትር ደርሷል። በአንድ ጊዜ ሁለት ሊትር ቢጨምር ኖሮ በ10 ሊትር ላይ አንድ አምስተኛ መጨመር ስለሚሆንበት አቋሙ መበላሸቱ አይቀርም ነበር።

ሆኖም ግማሹ ብቻ የተሞላ ጀሪካን ለሁሉም እንቅስቃሴ አይመችም። እጅ ወደ ታች ተንጠልጥሎ በሚሠራው ሥራ ላይ የውሃው መናወጥ ብዙም አያስቸግርም፤ ከራስ በላይ ሲገፋ ግን ውሃው ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ የእጅ አንጓን ይጠመዝዛል። ስለዚህ ከራስ በላይ ለሚገፋው እስከ አፉ ድረስ የተሞላ ባለ 5 ሊትር ይሻላል። በክዳኑ ሥር የፌስታል ቁራጭ አድርጎ ማጥበቅ ውሃ እንዳያንጠባጥብ ያደርጋል፤ መያዣው መዳፍን እንዳይቆርጥም በጨርቅ ደጋግሞ መጠቅለል ያስፈልጋል። የጀሪካኑ ደካማ ቦታ መያዣው ከአካሉ የሚገናኝበት ሥር ነው። ቢጫው ፕላስቲክ እዚያ ላይ እየነጣ ከመጣ ሊሰነጠቅ ተቃርቧልና ውሃ ማጠራቀሚያ ይሁን እንጂ ከእንግዲህ ለስፖርት አይነሣ። ሌላም የጀሪካን ጣጣ አለ፤ ቧንቧው በጠፋ ቁጥር የቤቱ ሰው ክብደትህን ለቡናና ለዕቃ ማጠቢያ ይቀዳዋል።

የአሸዋውን ከረጢት አሠራር በዝርዝር መግለጽ ያስፈለገኝ፣ ብዙ ሰው አሸዋውን በቀጥታ ማዳበሪያ ውስጥ ሞልቶ አፉን ስለሚያስረው ነው። እንዲህ ያለው ከረጢት ክብደቱን መቀነስም ሆነ መጨመር አያስችልም፤ በተነሣ ቁጥርም ደቃቁን አቧራ በፊት ላይ ያራግፋል። የሚበጀው አሸዋውን በወንፊት ነፍቶ ጠጠሩን ማስወገድ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያም ጠበቅ ካለ ጨርቅ በተሰፉ ትንንሽ ከረጢቶች አምስት አምስት ኪሎ እያደረጉ አፋቸውን በሲባጎ ማሰር ነው። እነዚህ ትንንሾች ሁለት ማዳበሪያ እርስ በርሱ ተደርቦ በተሠራው ትልቅ ከረጢት ውስጥ ይገባሉ። ትልቁ ከረጢት ጢም ብሎ ከተሞላ እንደ ግንድ ስለሚደርቅ እጅ አይዘውም፤ ሩብ ያህሉ ባዶ ሲቀር ግን ጨርቁን ጨብጦ ማንሣት ይቻላል። በአሸዋ ፋንታ በቆሎ ሙላበት ያለኝ ጎረቤት ነበረኝ፤ ነገር ግን እህል በተመሳሳይ ስፋት ከደረቅ አሸዋ ግማሽ ያህል ብቻ ይመዝናል፣ አይጥም ይጠራል።

አሸዋውን ለመመዘን ሚዛን መከራየት አያስፈልግም። ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ አጣና መሐሉን በገመድ አስሮ እንዲጋደም ማንጠልጠልና ከመሐል እኩል ርቀት ላይ በሁለቱም ጫፍ ምልክት ማድረግ ይበቃል። በአንደኛው ጫፍ አምስት ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ይንጠለጠላል፤ በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ተመሳሳይ ባዶ ጀሪካንና የአሸዋው ከረጢት አብረው ይንጠለጠላሉ። ባዶው ጀሪካን የባልንጀራውን የፕላስቲክ ክብደት ስለሚያካክስ አጣናው ሲስተካከል ከረጢቱ ውስጥ ያለው አምስት ኪሎ ነው። ምንም ሳይንጠለጠልበት አጣናው ወደ አንድ ወገን የሚያጋድል ከሆነ፣ አስቀድሞ ማሰሪያውን ትንሽ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል።

ከረጢቱን የሚፈትኑት ፀሐይና ዝናብ ናቸው። የማዳበሪያው ክር የፕላስቲክ በመሆኑ ውጭ ሲውል ፀሐዩ ያደርቀዋል፤ በጥፍር ሲፋቅ ነጭ ብናኝ የሚያወጣ ከሆነ የላይኛውን ማዳበሪያ የመለወጫው ጊዜ ደርሷል። በሐምሌ ደግሞ ውጭ ያደረ አሸዋ ውሃ ስለሚጠጣ 30 ኪሎ የነበረው ከረጢት ሳይታወቅ ብዙ ኪሎ ይጨምራል። ሰውየው ጉልበቱ የከዳው ይመስለዋል እንጂ የከበደው ከረጢቱ ነው። ቤት ውስጥ ከመሬት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ሁለቱንም ችግር ያስቀራል።

አነሣሡም ከብረት ይለያል። ከረጢቱ መሐሉ ላይ ስለሚረግብ ሰውየውን ጀርባውን አጉብጦ እንዲያነሣው ይስበዋል። እኔ የምመርጠው ከረጢቱን በሁለቱ እግሮች መሐል አቁሞ፣ ዳሌን ወደ ኋላ ገፍቶና ደረትን ቀና አድርጎ ካነሡት በኋላ ደረት ላይ አቅፎ ቁጢጥ ብሎ መነሣትን ነው። ታቅፎ የተያዘ 30 ኪሎ ጭኑን ብቻ ሳይሆን ጀርባንና ሆድንም ስለሚያሠራ፣ ከቁጥሩ በላይ ይከብዳል።

ቦርሳው ለፑሽ አፕና ደረጃ ለመውጣት ይጠቅማል። ውስጡ የሚገባው ያው ትንሹ የአሸዋ ከረጢት ነው፤ ከሥሩ አሮጌ ጋቢ አጥፎ መክተት ክብደቱን ወደ ላይና ወደ ጀርባ ያስጠጋዋል። ፑሽ አፕ ሲሠራ ቦርሳው ወደ አንገት እንዳይንሸራተት ደረት ላይ በመቀነት ማሰር ግድ ነው። የተማሪ ቦርሳ ግን ለደብተር የተሰፋ ስለሆነ ማንገቻው ከሥር የሚያያዝበት ስፌት 15 ኪሎ ሲደርስ መላቀቅ ጀመረ። ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስጄ ባስደርበውም ከዚያ በላይ መጫኑን ትቻለሁ።

ለደረት፣ ለትከሻና ለክንድ ይህ መሣሪያ ገና ብዙ ያስኬዳል። ጡንቻ በጥቂት ድግግሞሽ ከባድ በማንሣት ብቻ ሳይሆን፣ እስከ ሠላሳ በሚደርስ ድግግሞሽም ድካም ጫፍ ድረስ ከተሠራ ያድጋልና ክብደቱ ማነሱ ያን ያህል አያሳስብም። ቀድሞ የሚያንሰው ለእግር ነው። ሁለት ሙሉ ጀሪካን አንድ ላይ ከ40 ኪሎ ብዙም ስለማይበልጥ፣ የለመደ ሰው ከመሬት ሲያነሣው አይፈትነውም። እኔ አሁን ከረጢቱን አቅፌ የኋላ እግሬን አግዳሚ ወንበር ላይ በማሳረፍ በአንድ እግር ቁጢጥ ማለት ጀምሬያለሁ፤ በዚህ መንገድ 25 ኪሎው በቂ ሆኖልኛል። ከባድ ዴድሊፍት ዓላማው የሆነ ሰው ግን ገንዘቡን አጠራቅሞ ብረት ወዳለበት ቤት ቢሄድ ይሻለዋል።