64 ሺህ ብር ተጠይቄ በ21 ሺህ ዕቃዬን ላስወጡልኝ ጋሼ

ይህን ጽሁፍ ልጽፍ ልጽፍ እያልኩ ሁለት ወር አሳለፍኩ። ዛሬ አንዲት ልጅ "ከውጭ የተላከልኝ ዕቃ ላይ ከዕቃው ዋጋ የሚበልጥ ቀረጥ ጣሉብኝ" ብላ ስታለቅስ ሰምቼ ከዚህ በላይ መዘግየት ነውር መሰለኝ። እኔም ያንን እንባ አልቅሻለሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሜሪላንድ ያለችው ታላቅ እህቴ የጨርቅ ጠርዝ የሚሰፋ ኦቨርሎክ ማሽን ገዝታ በአውሮፕላን ካርጎ ላከችልኝ። የቤት ውስጥ ማሽን ናት፤ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ፣ በእግር የሚረገጥ ፔዳል ያላት። እህቴ ቅናሽ ላይ ደርሳ በ240 ዶላር ገዛቻት፤ ቅናሹ ባይኖር 300 ነበረች። ለማጓጓዣው 95 ዶላር ከፈለች። ወረቀቱ ላይ ግን "ኦቨርሎክ ማሽን፣ 1" ብላ ብቻ ጻፈች። ሞዴል የለ፣ ደረሰኝ የለ። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህች ሁለት ቃል ነው።

ቀረጡን ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ 64 ሺህ ብር! ጉምሩክ ማሽኗን 1,100 ዶላር ብሎ ተምኗታል።

ከዚያ የተንከራተትኩትን አልረሳውም። የመጀመሪያው ትራንዚተር ወረቀቱን በደንብ እንኳ ሳያይ "ክፈይ፣ ካልሆነ ተይው" አለኝ። ሁለተኛዋ "እህትሽ 80 ዶላር የሚል ደረሰኝ ታሰራልሽ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ" ብላ ቅድሚያ ገንዘብ ተቀበለችኝ፣ ከዚያ ስልኳን ማንሳት ተወች። ሦስተኛው የሚያውቀው ሰው እንዳለና "ሻይ" እንደሚያስፈልግ በጆሮዬ ነገረኝ። ስማቸውን አልጠራም፤ እግዚአብሔር ይያዝላቸው። እኔ ግን ያን ሰሞን እንጀራ እንኳ አልወረደልኝም፤ ዕቃው በቆየ ቁጥር የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራል።

ጋሼን ያገኘኋቸው ሻይ ቤት ነው። አንዲት ደንበኛዬ "እኚህ ትራንዚተር ወረቀት ያነባሉ" ብላ ላከችኝ። እውነትም ያነባሉ! መነጽራቸውን አውርደው፣ ጠርገው፣ መልሰው አድርገው የአየር ጭነት ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ጣታቸውን አንድ ቁጥር ላይ አሳርፈው "ልጄ፣ ይሄ ካርቶን ስንት ኪሎ ይላል?" አሉኝ።

"9 ኪሎ።"

"የፋብሪካ ኦቨርሎክ ጭንቅላቱ ብቻ ከ20 ኪሎ በላይ ነው። በ9 ኪሎ የፋብሪካ ማሽን አይመጣም። የተመኑት ያንቺን ማሽን አይደለም፣ የሌላ ሰው ማሽን ነው።"

እኔ ያን ወረቀት ስንት ጊዜ አገላብጬዋለሁ! ቁጥሩ እዚያው ነበር።

ቀጥሎ ያስረዱኝን በገባኝ መጠን እነግራችኋለሁ። እኔ "ስጦታ ነው፣ እህቴ ናት የላከችው" እያልኩ ስጮህ ነበር። ጋሼ ሳቁብኝ። ስጦታ ማለት ለእኔ ያልተሸጠ ማለት ነው፤ ሽያጭ ከሌለ ደግሞ የግብይት ዋጋ የሚባለውን አይወስዱም፣ ተመሳሳይ ወይም የሚቀራረብ ዕቃ ቀደም ሲል በስንት ገባ ወደሚለው ይሄዳሉ። ስጦታ መሆኑን ማስረዳት ዋጋውን አያወርድም። ክርክሩ መሆን ያለበት "ከየትኛው ዕቃ ጋር አነጻጸራችሁት?" በሚለው ነው። የቀረጡ መጣኔ ላይ አትከራከሪ አሉኝ፤ መጣኔው በታሪፍ የተጻፈ ነው። የምትነኪው መነሻ ዋጋውን ነው። መነሻው ላይ ቀረጥ ይሰላል፣ ከዚያ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ በቀረጡ ላይ ጭምር ይሰላል፣ ሌላውም እንደዚያው እየተደራረበ ይሄዳል። ለዚህ ነው መነሻው ሲሳሳት ሁሉም የሚያብጠው።

ደረሰኝ እናሠራ የሚለውን ሐሳብ ሳነሳባቸው ፊታቸው ተቀየረ። "እሱን ሁለተኛ እንዳትይኝ። ሐሰተኛ ደረሰኝ ከተያዘብሽ ነገሩ የዋጋ ክርክር መሆኑ ይቀርና ወንጀል ይሆናል።" ይልቅ እህቴን አስደወሉኝና ሦስት ነገር አስላኩ፦ ሱቁ በኢሜይል የላከላትን የግዢ ማረጋገጫ፣ ገንዘቡ ከካርዷ የወጣበትን የባንክ መግለጫ፣ እና የማሽኗ ሞዴል ቁጥር ያለበትን የሻጩን ገጽ። ገጹ ላይ "ለቤት አገልግሎት" የሚል ጽሑፍ ነበረበት።

ብዙ ሰው "ክፈይና አውጪ፣ በኋላ ትከራከሪያለሽ" ብሎኝ ነበር። ጋሼ አልተስማሙም። የእኛ ማስረጃ ማሽኗ ራሷ ናት አሉ፤ ቤትሽ ካስገባሻት በኋላ ማን መጥቶ ያያታል? ግን መጀመሪያ ቁጭ ብለው የመጋዘን ኪራዩን አሰሉልኝ። የሚተርፈኝ ከኪራዩ በብዙ ስለሚበልጥ ነው ክርክሩን የገባነው፤ "ልዩነቱ ትንሽ ቢሆን ክፈይ ነበር የምልሽ" አሉኝ።

ማመልከቻውን እሳቸው ጻፉት፣ አንድ ገጽ ብቻ። ልመናና እንባ የለበትም። በየትኛው የትመና ዘዴና ከየትኛው ዕቃ ጋር ተነጻጽሮ እንደተተመነ በጽሑፍ እንዲገለጽልን ጠየቁ፣ ዕቃው ዳግም እንዲታይ ጠየቁ፣ ክብደቱን ጠቀሱ፣ ማስረጃዎቹን አያያዙ። ውሳኔው የደረሰኝንም ቀን ከላይ አጻፉኝ፤ የቅሬታ ጊዜው የሚቆጠረው ከዚያ ነው፣ ቀኑ ካለፈ እውነት ቢኖርሽም አይሰማሽም አሉ። ትመናውን የሠሩት ካልቀየሩት ወደ ቅሬታ አጣሪው እንደምንሄድ፣ እዚያም ካልሆነ የፌዴራል ግብር ይግባኝ ኮሚሽን እንዳለ ነገሩኝ። እዚያ ድረስ አላስኬደንም።

ካርቶኑ ሲከፈት አብሬ ነበርኩ። ጋሼ ማሽኗን በአንድ እጃቸው ብድግ አድርገው ለሠራተኛው አቀበሉት! ምንም አልተናገሩም። ከዚያ ከታች ያለውን ትንሽ ሰሌዳ አሳዩት፤ 120 ቮልት፣ 105 ዋት ይላል። ሰውየው ራሱ ፈገግ አለ። የፋብሪካ ኦቨርሎክ ራሱን የቻለ ጠረጴዛና ሞተር ያለው መሆኑን እሱም ያውቃል፤ ወረቀቱ ላይ ሞዴል ስላልነበረ ነው በዚያ የተመነው።

ሁሉንም አልተቀበሉንም፣ እውነቱን ልናገር። የቅናሹን 240 ዶላር አልወሰዱትም፣ መደበኛውን 300 ያዙ። ማጓጓዣው 95 ተጨመረበት፣ 395 ዶላር ሆነ። 64 ሺው ወደ 21 ሺህ ገደማ ወረደ። የመጋዘን ኪራዩን ግን ሙሉውን ከፍያለሁ፤ ቀረጡ ስለተስተካከለ ኪራዩ አይቀርም።

ስንት ተቀበሉኝ መሰላችሁ? የአገልግሎት ክፍያ 2,500 ብር፣ እሱንም ማሽኗ ከወጣች በኋላ። ትንሽ ልጨምርላቸው ስል "ለልጆችሽ ደብተር ግዢበት" አሉኝ። አባቴ ካረፈ ወዲህ እንደዚያ ያለኝ ሰው የለም፤ መኪና ውስጥ ገብቼ ተነፋረቅኩ።

ዕቃ የምትጠብቁ ሁሉ፣ በእግዚአብሔር፣ እኚህን ሰው ያዙ! ስልካቸውን ሳላስፈቅድ እዚህ አልለጥፍም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ጠይቄያቸው እሰጣችኋለሁ። ውጭ ያላችሁ ወንድም እህቶቻችን ደግሞ ካርቶኑ ሳይታሸግ ሞዴሉን ጻፉበት፣ ደረሰኙን አስቀምጡልን።

ማሽኗ አሁን አጠገቤ ናት። 120 ቮልት መሆኗን አይቼ ትራንስፎርመር ልግዛ ስል እሱም ሌላ ወጪ ሆነብኝ፤ ዛሬ ግን የ14 ተማሪ ዩኒፎርም ጠርዝ ጨርሼባታለሁ።