የምሽቱን የጨዋታ መቆራረጥ በማስረጃ ላስፈታችልን ባለሙያ ምስጋና

ገርጂ አካባቢ የቤት ኔትወርክ የምትሠራውን እህታችንን በአደባባይ ላመሰግናት እወዳለሁ። እኔና ወንድሜ ማታ ማታ ዶታ 2 እንጫወታለን። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ግን ጨዋታው ይንቀራፈፋል፣ ቆይቶም ጭራሽ ይቋረጣል። አምስት ደቂቃ ከጠፉ ደግሞ ጥሎ እንደሄደ ተቆጥረው ይቀጣሉ፤ ከሁሉ የሚያናድደኝ ይህ ነበር። ለአገልግሎት ሰጪው ደጋግመን ብንደውልም መልሱ «ፍጥነቱ ትክክል ነው» የሚል ብቻ ነበር። የፍጥነት መለኪያ ግን ፋይል ምን ያህል በቶሎ እንደሚወርድ እንጂ፣ ጨዋታው በየቅጽበቱ የሚልካቸው ጥቃቅን መልእክቶች መንገድ ላይ መቅረታቸውን አያሳይም።

እርሷ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኘች፤ ዋይፋይ ነው እንዳይባል። ከዚያም ጠዋትና ማታ እነዚህን አስኬደች፦

```
tracert -d 8.8.8.8
ping -n 600 192.168.1.1
ping -n 600 8.8.8.8
```

የመጀመሪያው ትእዛዝ ከራውተራችን ቀጥሎ ያለውን የአገልግሎት ሰጪውን አድራሻ ያሳያል፤ ወደ እርሱም እንዲሁ ለአሥር ደቂቃ ፒንግ አደረገች። ጠዋት ሁሉም ንጹሕ ነበር። ማታ ወደ ራውተሩ፣ ማለትም ወደ 192.168.1.1፣ ከተላኩት የሙከራ መልእክቶች አንድም አልጠፋም፤ ወደ አገልግሎት ሰጪው አድራሻ ግን ከመቶ ሰባቱ ያለ መልስ ቀሩ፣ ወደ ውጭው 8.8.8.8ም ያንኑ ያህል። እንግዲህ ችግሩ ቤታችን ውስጥም ባሕር ማዶም አይደለም፤ ከቤታችን እስከ መጀመሪያው ጣቢያቸው ባለው መስመር ላይ ነው። በራውተሩ ገጽ ላይ ደግሞ የመዳብ መስመሩ SNR Margin፣ ማለትም መስመሩ ጫጫታን ለመቋቋም ያለው ትርፍ አቅም፣ ጠዋት 12 ዲቢ፣ ማታ 5 ዲቢ ይል ነበር።

መልእክቱን አጭር አድርጋ ጻፈችልን፦ «ከ20:00 እስከ 23:00 መስመሩ ይዋዥቃል፤ ጨዋታው በተቋረጠበት ደቂቃ የራውተሩ መዝገብ DSL Down ይላል። የጠዋቱና የማታው ፈተና ተያይዟል። የውጭ ኬብሉና መገጣጠሚያዎቹ እንዲታዩልን እንጠይቃለን።» ሰዓቱን ራውተሩ በሚመዘግብበት አቆጣጠር መጻፏ ብልህነት ነው፤ «2 ሰዓት» ብንል ኖሮ መዝገቡን የሚያየው ሠራተኛ ከቀትር በኋላ ሊፈልግ ይችል ነበር።

ከዚያ በኋላ የተላከው የመስመር ሠራተኛም ምስጋና ይገባዋል። ምሰሶው ላይ ያለውን ሳጥን ከፍቶ ዝገት የበላውን መገጣጠሚያ ቆርጦ እንደገና አገናኘው። ምሽት ላይ የጎረቤት መስመሮች ሲበዙ በኬብሉ ውስጥ ጫጫታ ይጨምራል፤ የተበላሸ መገጣጠሚያ ያን አይችልም። አሁን ማታም 11 ዲቢ እናያለን፤ ጨዋታውም አልተቋረጠም።

ስልኳን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ እሰጣለሁ። ዋጋዋን አስቀድማ ትናገራለች። መጥፋቱ ከአገልግሎት ሰጪው ወዲያ፣ ወደ ጨዋታው ሰርቨር በሚወስደው መንገድ ላይ ከሆነ ግን ማስተካከል እንደማትችል ራሷ ትነግራችኋለች፤ ገንዘብም አታስወጣችሁም።